«አረንጓዴው ባሕር» ምንድን ነው? የግጥሙን ዘመን ስናውቅ ምስሉ ይለወጣል ወይ?

ሰብለ_ቱሉዲምቱ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:40

ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆችን ኮሚናሉ ውስጥ ሰብስቤ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ዛሬ ያጋጠመኝን ላካፍላችሁ፤ ከሰዓት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም።

እንግሊዛዊው ገጣሚ ዊልፍሬድ ኦወን ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የጻፈውን ግጥም አነበብን። ርእሱ በላቲን ነው፣ «ዱልቼ ኤት ዴኮሩም ኤስት»። ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔው ነኝ። ደክመው ወደ ኋላ የሚመለሱ ወታደሮች አሉ። በድንገት «ጋዝ! ጋዝ! ቶሎ በሉ፣ ልጆች!» የሚል ጩኸት ይሰማል። ሁሉም የራስ ቁራቸውን ያጠልቃሉ። አንዱ ግን አልደረሰበትም። ተናጋሪው እንዲህ ይላል፦

«ጭጋግ በለበሰው መስታወት፣ በወፍራም አረንጓዴ ብርሃን ውስጥ፣
ከአረንጓዴ ባሕር ሥር እንዳለ ሆኖ ሲሰምጥ አየሁት።»

ልጆቹን ሆን ብዬ ለሁለት ከፈልኳቸው። ለአንደኛው ቡድን የገጣሚውን ስምም ዓመቱንም ደበቅኩ። ለሁለተኛው ከግርጌ «1917» ብዬ ጻፍኩ።

ዓመት ያልሰጠኋቸው ልጆች «አረንጓዴ ባሕር»ን ሲተረጉሙ አረንጓዴ ልምላሜ ነው፣ ተስፋ ነው፣ ከባንዲራችን እንደምናውቀው ነው አሉ። እንደነሱ ከሆነ ወታደሩ ከጦርነቱ ወጥቶ ወደ ሰላም እየገባ ነው። አንዷ ልጅ «ገነትን እያየ ነው» አለችኝ። ስለ ጋዙ ስጠይቃቸው ደግሞ ግማሾቹ ላምባ መስሏቸዋል። «ቤንዚን ወይ ጋዝ ተደፍቶበት እሳት ያዘው» አሉ። እውነትም ከባሕሩ በፊት ያለው ስንኝ «እሳት ወይም ኖራ ውስጥ እንደገባ ሰው» ስለሚል ነገሩ ገጥሞላቸዋል።

ዓመቱን የሰጠኋቸው ደግሞ ሌላ ስህተት ውስጥ ገቡ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እ.ኤ.አ. ብዬ አልጻፍኩም። 1917ን በእኛ አቆጣጠር ወሰዱት። «ከማይጨው 11 ዓመት በፊት ነው፤ ስለዚህ ጋዙ ገና አልመጣም፣ ምሳሌያዊ ነው» አሉ። ካረምኳቸው በኋላ ግን ክፍሉ ድምፁ ሁሉ ተለወጠ። «ገነት» ያለችው ልጅ ወረቀቷን አገላብጣ አስቀመጠችው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ዘመኑን ማወቅ ምስሉን እንዲህ ከገለበጠው፣ መጀመሪያ የተሰማቸው ስህተት ብቻ ነበር ማለት ነው? ደግሞ አረንጓዴው በትክክል ምንድን ነው? የምታውቁ ንገሩኝ።

---

ዮኒ_ኬሚስትሪ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:05

ይሄማ ቀላል ነው። ክሎሪን ነው። የክሎሪን ጋዝ ቢጫ አዘል አረንጓዴ ነው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር በምትባል ከተማ አጠገብ ከሲሊንደር ለቀቁት። ነፋስ እየገፋው እንደ ደመና ወደ ፈረንሳዮቹ ምሽግ ሄደ። ወታደሩ በአረንጓዴ ጋዝ ውስጥ ስለታፈነ ገጣሚው «አረንጓዴ ባሕር» አለው። ምሳሌ አይደለም፤ ያየውን ነው የጻፈው።

«መስጠም» የሚለውም ያው ነው። ክሎሪን ሳንባ ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል። ሳንባ ይቆስልና ፈሳሽ ያመነጫል። ሰውዬው ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ በራሱ ፈሳሽ ይሰምጣል። ግጥሙ በኋላ ላይ በአረፋ ስለተበላሸ ሳንባ ያወራ የለ? በቃ እሱ ነው።

ለልጆቹ በረኪና አስታውሺያቸው። ሽንት ቤት ሲታጠብ በረኪናና አሲድ ቀላቅሎ ደረቱን የታመመ ሰው ሁሉም ሰፈር አለ። የሚወጣው ጋዝ ያው ክሎሪን ነው።

---

ማሂ_ግጥም
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:20

ሰብልዬ እኔም ግጥም እጽፋለሁ። ስለ ሰላም የጻፍኩት አንድ አለኝ፣ መድረክ ላይ ላቀርበው ነው። ካልኩሽ አይቀር፣ ከግጥሙ ሥር ቀን ማድረግ አለብኝ ማለት ነው? ያለ ቀን ካቀረብኩት ሰው አይረዳኝም?

---

ሰብለ_ቱሉዲምቱ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:31

ማሂዬ፣ እኔ የጠየቅኩት ስለ አንባቢ ነው፣ ስለ ጸሐፊ አይደለም። ግን አድርጊው። የኦወን ረቂቆች ላይ ቀን ባይኖር ኖሮ ዛሬ ይሄን ሁሉ ማውራት አንችልም ነበር። የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ጻፊ፤ እኔ ዛሬ በሱ ነው የተማርኩት።

ዮኒ በጣም አመሰግናለሁ። በረኪናውን በሚቀጥለው ቅዳሜ እነግራቸዋለሁ።

---

አባ_መዝገብ_ሱሉልታ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:15

ሰብለ ልጄ፣ ጥሩ ነገር አነሳሽ። እኔ ከማስተማር ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። ይህን ግጥም ግን ብዙ ዓመት አስተምሬዋለሁ፣ ብዙ ዓመትም ተሳስቼበታለሁ።

መጀመሪያ ትርጉምሽን ላርም፣ ቅር አይበልሽ። «የራስ ቁር» ያልሽው ቃል የራስ ቁር አይደለም። እንግሊዝኛው «ሄልሜት» ስለሚል እኔም «የብረት ቆብ» እያልኩ ነበር የማስተምረው። በዚያ ጦርነት የእንግሊዝ ወታደር «ጋዝ ሄልሜት» የሚለው የጨርቅ ከረጢት ነበር። ፍላኔል ነው። መድኃኒት ተነክሮ ጭንቅላት ላይ ይጠለቃል፣ ጫፉ ኮሌታ ውስጥ ይወተፋል። ዓይን ላይ ሁለት ክብ መስታወት አለው። እስትንፋስሽ እዚያው ስለሚቀር መስታወቱ ወዲያው ይታፈናል። «ጭጋግ የለበሰው መስታወት» ያልሽው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በይ። ልጆችሽ የብረት ቆብ እያሰቡ «መስታወት» ሲያነቡ የመኖሪያ ቤት መስኮት ወይም የመኪና መስታወት ነው የሚታያቸው። ተናጋሪው ከውጭ ቆሞ የሚያይ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን እሱም ከረጢት ውስጥ ነው። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሰው እየሞተ እሱ በሁለት ጠባብ ክብ ነገር ያያል። አንድ ቃል የዘመኑን ዕቃ ስታገኝ የተናጋሪው መቆሚያ ቦታ ተለወጠ። ለእኔ ከአረንጓዴው ይልቅ ይህ ይበልጣል።

ወደ አረንጓዴው ስመጣ፣ ዮኒ ግማሹን አግኝተሃል። መስጠሙ ልክ ነው። ቀለሙ ላይ ግን ችኮላ አለ። አንተ የጠቀስከው 1915 ነው፣ ኦወን ግን ፈረንሳይ የደረሰው በ1916 ማብቂያ ላይ ነው። ግንባር የገባው በጃንዋሪ 1917 ነው። ያኔ ጋዝ በብዛት የሚመጣው በመድፍ ጥይት ውስጥ ነበር። ግጥሙም ጥይቶች ከኋላቸው ሲወድቁ ነው የሚናገረው፣ ደመና እየተንከባለለ ሲመጣ አይልም። በጥይቱ ውስጥ በብዛት የነበሩት ፎስጂን የሚባለው ሳንባ የሚያጠቃ ጋዝ ቤተሰቦች ናቸው። እነሱ ደግሞ እንደ ክሎሪን አረንጓዴ አይደሉም።

ታዲያ አረንጓዴው ከየት መጣ? እኔ ወደ መስታወቱ አደላለሁ። ስንኙን እዪው። መጀመሪያ መስታወቱ ይመጣል፣ ከዚያ ወፍራሙ አረንጓዴ ብርሃን። ዓለሙ ሁሉ ከመስታወቱ ጀርባ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ሌሎች ግን ክሎሪን ነው ብለው ይጸናሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም።

---

ዮኒ_ኬሚስትሪ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:40

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ልጨምር። ጀርመኖች የፎስጂን ዓይነት ጋዝ ባለበት ጥይት ላይ አረንጓዴ መስቀል ይቀቡ ነበር። «አረንጓዴ መስቀል» ነበር የሚባለው። እና አረንጓዴው ከዚያም ሊሆን ይችላል አይደል?

---

አባ_መዝገብ_ሱሉልታ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:52

ምልክቱ እውነት ነው፣ ዮኒ። ሳንባ የሚያጠቃው አረንጓዴ መስቀል ነበረው፣ ቆዳ የሚያፈነዳው ደግሞ ቢጫ መስቀል። ግን ቀለሙ የተቀባው ብረቱ ላይ ነው። የሚተኩሰው ጀርመን ያየዋል እንጂ ጥይቱ የሚወድቅበት እንግሊዛዊ በጨለማና በጭቃ ውስጥ እሱን ሊያይ አይችልም። ግጥሙ ደግሞ ዓይን ያየውን ነው የሚነግረን። ይህ ዓይነት ስህተት ይገጥመናል። ስለ ዘመኑ አንድ እውነት እናገኛለን፣ እውነት ስለሆነ ብቻ ግጥሙ ውስጥ እናስገባዋለን። እኔ ሁልጊዜ ራሴን የምጠይቀው «ተናጋሪው ቆሞ ባለበት ቦታ ይህን ሊያውቀው ይችል ነበር?» ብዬ ነው።

---

የኖራው_ሰው
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:10

ስለ ግጥም ብዙ አላውቅም። «ኖራ» የሚለውን አይቼ ነው የገባሁት። ልጆቹ ኖራ ሲባል ምን አሰቡ?

---

ሰብለ_ቱሉዲምቱ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:14

ለበዓል ግድግዳ የሚቀባውን ነጭ ኖራ ነው ያሰቡት። «ነጭ ሆነ፣ እንደ መንፈስ ሆነ» አሉ። እኔም አላረምኳቸውም፣ ምክንያቱም የማውቀው ያንን ብቻ ነው።

---

የኖራው_ሰው
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:35

እንግዲያው ስሚኝ እህቴ። ልጅ እያለሁ ኖራ ማቃጠያ ላይ ቀን ሠራተኛ ነበርኩ። ድንጋዩ በእሳት ተቃጥሎ ሲወጣ ገና ውኃ አልቀመሰም። የተረጋጋ ድንጋይ ይመስላል። ውኃ ስታፈሺበት ግን ይፈላል። ያለ እሳት ይፈላል፣ እንፋሎቱ ፊት አያስጠጋም። አንድ ቀን ላብ በላብ ሆኜ የተፈጨውን ስጭን ነፋስ መጣና አንገቴና ዓይኔ ላይ በተነው። ላቡ ውኃ ነው እኮ። ያቃጥላል፣ ግን ነበልባል የለም። ሰው እሳት ሲይዘው ያያል፣ ይሮጣል ወይ ያጠፋል። ይሄ የሚጠፋ ነገር የለውም። እጄን እያወናጨፍኩ ዙሪያዬን ነበር የምዞረው። በውኃ ብዙ ካጠቡኝ በኋላ ነው የዳንኩት፤ ግራ ዓይኔ እስከ ዛሬ ይደክማል።

ስለዚህ «እሳት ወይም ኖራ» ያለው ሰውዬ የሚያውቅ ሰው ነው። እርጥብ ቦታ ነው የሚያጠቃው። ዓይን፣ አፍ፣ ጉሮሮ። ጋዙም እንደዚያ ከሆነ ትክክል ተናግሯል። ነጭ ቀለም አይደለም፣ ልጆቹን ንገሪያቸው።

---

አባ_መዝገብ_ሱሉልታ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:48

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሳስተምር «ኖራ»ን በአንድ ቃል አልፌው ነበር። በዚያ ጦርነት ኖራ ሬሳ ላይ ይበተን እንደነበር አውቃለሁ፤ እሱን ብቻ እያሰብኩ ሞትን የሚያስታውስ ቃል ነው እል ነበር። አንተ ያልከው ግን ከዚያ ይቀርባል፣ ሰውነቱ ሲወናጨፍ ስለሚያሳይ። ይህ ደግሞ ዘመንን በማወቅ ሳይሆን ኖራን በማወቅ የመጣ ነው።

---

ሃና_ለገጣፎ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 2:20

ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኔ ይህን ግጥም ሳነብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የእናቴ አያት ነው። በ1928 ዘምቷል። ከማይጨው ሲያፈገፍጉ አሸንጌ ሐይቅ አጠገብ አውሮፕላን የረጨው ነገር ደርሶበታል። እናቴ እንደምትለው ሽማግሌ ሆኖም ጠዋት ጠዋት ጤዛ ያረፈበት ሣር ላይ ልጅ አያስረግጥም ነበር። ፀሐይ እስኪወጣ ደጃፍ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ልጆቹ ግራ ይገባቸው ነበር፣ እሱም አያብራራም።

እና ለእኔ የኦወን ግጥም የእኛ ግጥም ነው። ያው ጋዝ ነው። ሰብለ፣ ልጆቹ ማይጨውን ማንሳታቸውን ስህተት አትበይው።

---

አባ_መዝገብ_ሱሉልታ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 4:05

ሃና ልጄ፣ ስለ አያታችሁ የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ግን «ያው ጋዝ ነው» ያልሽው ላይ መነጋገር አለብን። ያው አይደለም። ልዩነቱ ራሱ ነው አያታችሁ ጤዛ ለምን እንደፈሩ የሚነግርሽ።

በእኛ ላይ በብዛት የዋለው የሰናፍጭ ጋዝ ነው። ጣሊያኖቹ «ኢፕሪት» ነው የሚሉት። ስሙን ልብ በይው፣ ዮኒ ከጠቀሳት ከኢፕር ከተማ የመጣ ነው። ጀርመኖች ይህን ጋዝ መጀመሪያ ያዋሉት እዚያው አጠገብ ነው፣ በጁላይ 1917። ኦወን ግን በሜይ ከግንባር ወጥቷል። ጭንቅላቱ በፍንዳታና በድንጋጤ ታውኮ ወደ ሐኪም ተልኮ ነበር። ግጥሙን በኦክቶበር ሲጀምር ስለ አዲሱ ጋዝ ሰምቶ ሊሆን ይችላል። ግንባር ላይ በነበረባቸው ወራት ግን አልነበረም። ሁለት ወር ብቻ ነው ልዩነቱ፣ ግን ሁለት ወሩ ምስሉን ይወስነዋል።

ምክንያቱም ሰናፍጩ ጋዝ ይባል እንጂ ቅባት ያለው ፈሳሽ ነው። ይረጫል፣ ቅጠል ላይ ያርፋል፣ ሣር ላይ፣ ውኃ ላይ ይቀመጣል። ወዲያው አያምም። ሰዓታት ካለፉ በኋላ ቆዳው ይፈነዳል። ጫማ የሌለው ሰው በእግሩ ይረግጠዋል፣ ከብት ይጠጣዋል። ጃንሆይ በ1928 ሰኔ ጄኔቭ ላይ ሲናገሩ አውሮፕላኖቹ 9፣ 15፣ 18 እየሆኑ ተከታትለው እንደሚመጡና የሚረጩት ደቃቅ ገዳይ ዝናብ እንደሆነ ገልጸዋል። «ዝናብ» ነው ያሉት። «ባሕር» አላሉም።

አየሽው? የኦወን ጋዝ ሰውን ያሰምጣል፣ ስለዚህ ምስሉ ባሕር ሆነ። በእኛ ላይ የወረደው ከላይ ይመጣል፣ መሬት ላይ ያድራል፣ ስለዚህ ምስሉ ዝናብና ጤዛ ሆነ። አንድ ሰው በ1930ዎቹ የተጻፈ የአማርኛ ግጥም አግኝቶ ውስጡ «ጤዛ» ቢያይ፣ ዘመኑን ካላወቀ «የጠዋት ውበት» ብሎ ያልፈዋል። ወይም እንደ ልማዳችን የዕድሜን አጭርነት ነው ይላል፤ ሰው ጤዛ ነው እንላለንና። የእናትሽ አያት ግን ሌላ ነገር ያነባሉ።

---

ሃና_ለገጣፎ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 4:30

ጋሼ፣ ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም አለች። ከዚያ «ለዚህ ነው እንዴ» አለችኝ። አመሰግናለሁ።

ግን ያም ሆኖ ግጥሙ ለእኛ ይናገራል ባይ ነኝ። ጋዙ ሌላ ስለሆነ አልተወውም። ደግሞ ግጥሙ መጨረሻ ላይ ንጹሐን ምላስ ላይ ስላለ የማይድን ቁስል ይናገራል። ቁስል ማለት ሰናፍጩ አይደለም ወይ?

---

አባ_መዝገብ_ሱሉልታ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 4:41

እዚያ ላይ ያዝሽኝ። «እንደዚህ ቁስል መራራ» ብሎ ማነጻጸሪያ አድርጎ ነው የሚያመጣው፣ ሰውዬው ቆሰለ አይልም። ግን በኦክቶበር ሆስፒታል ተኝቶ ስለ አዲሱ ጋዝ ሰምቶ ቃሉ ሾልኮ ገብቶ ይሆን? ማስረጃ የለኝም። አልክድሽም።

---

ናቲ_12ኛ
እሑድ፣ ከቀኑ 8:10

ቲቸር እኔ ነኝ፣ ከቅዳሜው ክፍል። ዓመት ካልተሰጠው ቡድን ውስጥ ነበርኩ። የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ። አንድ ነገር ቅር ብሎኛል።

መጀመሪያ ሳነበው እኔን ነክቶኝ ነበር። አሁን ስለ ፍላኔል፣ ስለ መስቀል ቀለም፣ ስለ ወር ሳነብ የሙዚየም ዕቃ መሰለኝ። ሰውዬው ለእኔ ከመቶ ዓመት በፊት የሞተ ፈረንጅ ሆነ። በፊት ግን ማንም ሊሆን ይችል ነበር። የአጎቴ ልጅ ሊሆን ይችል ነበር። ዘመን ማወቅ ግጥሙን ከእኔ አርቆት ነው የሄደው። ይሄ ጥሩ ነው ወይ?

---

ዮኒ_ኬሚስትሪ
እሑድ፣ ከቀኑ 8:25

ናቲ፣ በተሳሳተ ነገር ከመነካት ትክክሉን ማወቅ አይሻልም? አረንጓዴውን ገነት ነው ብለህ ብታለቅስ ለማን ነው ያለቀስከው?

---

ሰብለ_ቱሉዲምቱ
እሑድ፣ ከቀኑ 8:50

ናቲ የኔ ልጅ፣ ስለጻፍክ ደስ ብሎኛል። ዮኒ፣ እኔ እንዲህ በአንድ ጊዜ አልቆርጥም። «ማንም ሊሆን ይችላል» ያለው ስሜት ከግጥሙ ነው የመጣው። ኦወን ለሟቹ ስም አልሰጠውም። አገር አልጠቀሰም፣ ጠላት እንኳ በስም የለም። ዓመቱን ስንጨምር ያንን ክፍትነት እንነጥቀዋለን ወይ የሚለው እኔንም እያሳሰበኝ ነው።

ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

---

አባ_መዝገብ_ሱሉልታ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1:30

ናቲ ያለው ቀላል ነገር አይደለም። ሁለት ቦታ ላሳየውና እሱ ይፍረድ።

አንደኛው «በሕልሜ ሁሉ» የሚለው ነው። ከባሕሩ ቀጥሎ ሁለት ስንኝ ብቻ ለብቻቸው ቆመዋል። በሕልሜ ሁሉ ይህ ሰው እየታፈነ፣ እየሰመጠ ወደ እኔ ይወረወራል ይላል። ያለ ዘመን ስናነበው ሕልም የግጥም ጌጥ ነው። ገጣሚ ሁሉ ሕልም ያያል። አሁን ግን የተጻፈበትን ቦታ ስማ። ኤድንብራ አጠገብ ክሬግሎክሃርት የሚባል ሆስፒታል ነበር፤ በጦርነት አእምሯቸው የታወከ መኮንኖች የሚታከሙበት። ቀን ቀን ሐኪሙ አርተር ብሮክ ኦወንን ሥራ ያሠራው ነበር። የሆስፒታሉን መጽሔት ያዘጋጅ ነበር። ሲግፍሪድ ሳሱን የተባለውን ገጣሚም እዚያው ተዋወቀው። የበሽታው ዋና ምልክት ግን ሌሊት ነው የሚመጣው፣ እንቅልፍ ውስጥ። ስለዚህ «በሕልሜ ሁሉ» ጌጥ አይደለም። ለሐኪሙ የሚነገር የሕመም ምልክት ነው። ናቲ፣ ይህ ሰውዬውን ካንተ አራቀው ወይስ አቀረበው?

ሁለተኛው «ወዳጄ» የምትለዋ ቃል ናት። መጨረሻ ላይ «ወዳጄ፣ ይህን ብታይ ኖሮ ክብር ለናፈቃቸው ልጆች ያን ያረጀ ውሸት አትነግርም ነበር» ይላል። ያለ ዘመን ስናነብ «ወዳጄ» እኛ ነን፣ አንባቢዎቹ። ረቂቁ ላይ ግን ግጥሙ የተላከው ለጄሲ ፖፕ ነበር። ይህች ሴት ወጣቶች እንዲዘምቱ የሚቀሰቅሱ ቀላል ግጥሞችን ጋዜጣ ላይ ትጽፍ ነበር። ይህን ስታውቅ «ወዳጄ» ይጎመዝዛል። ወዳጅነት የለበትም፣ ክስ ነው። ደግሞ «ያረጀ ውሸት» የተባለው የላቲን ስንኝ የሮማው ገጣሚ የሆራስ ነው። ለአገር መሞት ጣፋጭም ተገቢም ነው ይላል። ጦርነቱ ሊጀመር አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በ1913፣ ሳንድኸርስት በሚባለው የእንግሊዝ የጦር ትምህርት ቤት ጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ነበር። የዚያን ዘመን ተማሪ በላቲን ክፍል በቃሉ የሚያውቀው ነው። ለኛ እንግዳ የሚመስለው ርእስ ለእነሱ ግድግዳ ላይ የሚነበብ የታወቀ ቃል ነበር።

የምወደው ነገር ይህ ነው። ዘመኑ ምስሎቹን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይገፋቸውም። ባሕሩና ሕልሙ ምሳሌ መስለውን የነበሩ ሲሆን ወደ መሬት ወረዱ፣ የሆነ ነገር ሆኑ። «ወዳጄ»ና ርእሱ ግን ተራ ቃል መስለውን የነበሩ ሲሆን የሌላ ሰው ድምፅ ተሸክመው ተገኙ። እኛ ሰምና ወርቅ የለመድን ሰዎች ስለሆንን ወርቁን የምንፈልገው «አረንጓዴ» ላይ ነበር። ወርቁ ያለው ግን «ወዳጄ» ላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለናቲ አልደብቅም። ኦወን በኋላ የጄሲ ፖፕን ስም ሰርዞታል። መጀመሪያ ስሟን ጻፈ፣ ቀጥሎ «ለአንዲት ባለቅኔ» አደረገው፣ በመጨረሻ ተወው። ራሱ ዘመኑን ከግጥሙ ላይ እያነሳ ነበር ማለት ነው። «ወዳጄ» ግን ቀረች። እና አንተ «ማንም ሊሆን ይችላል» ስትል ከሱ ሥራ ጋር አልተጣላህም። ይህን ያወቅነው ደግሞ ረቂቆቹን በማየት ነው።

---

ናቲ_12ኛ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2:05

ሕልሙ አቀረበው። እሱን እቀበላለሁ። የጨርቅ ከረጢቱ ግን አሁንም ሙዚየም ነው የሚመስለኝ። ምናልባት አጥልቄ ስለማላውቅ ይሆናል።

ስሙን መሰረዙ ግን በጣም ገረመኝ። ለምን ሰረዘው?

---

አባ_መዝገብ_ሱሉልታ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2:12

እሱ አልነገረንም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1918 ተገደለ፣ ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው። ግጥሙ የታተመው ከሞተ በኋላ ነው፣ በ1920።

---

ማሂ_ግጥም
እሑድ፣ ከምሽቱ 2:40

እኔም ግጥሜ ላይ የአንድ ሰው ስም አለ። ልሰርዘው ወይስ ልተወው እያልኩ ነው አሁን። ቀኑን ግን ጽፌያለሁ፣ ዓ.ም. ብዬ።

---

ሰብለ_ቱሉዲምቱ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:15

ሳምንት አልፎ ተመለስኩ። የዛሬውን ልንገራችሁ።

«የራስ ቁር» የሚለውን «የጋዝ ከረጢት» አደረግኩት። ናቲ ላለው ስል ከማንበባችን በፊት ትንሽ ነገር ሠራሁ። ልጆቹ አሮጌ መነጽርና ነጠላ ይዘው እንዲመጡ ነግሬያቸው ነበር። ነጠላውን አፍንጫና አፋቸው ላይ ጠቅልለው መነጽሩን አደረጉ። ትንሽ ቆይቶ እስትንፋሳቸው መስታወቱን አጨለመው። በዚያው እንዳሉ ስንኞቹን በቀስታ አነበብኩላቸው። ማንም አልሳቀም። የጨረስኩት በነሱ ዝምታ ውስጥ ነው። ኖራውንም ነገርኳቸው፣ ወንድማችን ስላለው ዓይን ጭምር።

ከዚያ ሁሉም «አረንጓዴ ባሕር»ን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንደገና ጻፉት። «ገነትን እያየ ነው» ያለችው ልጅ የጻፈችውን እዚህ ላስቀምጠው ፈቅዳልኛለች፦

«ባሕሩ ያለው በሟቹ በኩል አይደለም። በሚያየው ሰው ዓይን ላይ ነው። ስለዚህ ሲተኛም አይደርቅም።»

ሌላው ልጅ ደግሞ ክሎሪን ነው ብሎ ዮኒን ደግፎ ጽፏል፣ ንቅንቅ አላለም። ሃናን ያነበበች ሦስተኛ ልጅ የቤተሰቧን ሽማግሌ ስለ ጤዛ ልጠይቅ ብላ ሄዳለች። ጋሼ መዝገብ፣ ቁስሉን በተመለከተ የሃና ጥያቄ ክፍሉን ለሁለት ከፍሎታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሱ ነው የምንጀምረው፤ ከሱሉልታ መምጣት ከቻሉ ኮሚናሉ ውስጥ ወንበር አለ፣ ቡናም አለ።

---

አባ_መዝገብ_ሱሉልታ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:50

እመጣለሁ። የልጅቷን ዓረፍተ ነገር ገልብጬዋለሁ። እኔ ስለ መስታወቱ ያን ሁሉ ዓመት ሳስብ እስከዚያ አልደረስኩም ነበር።